የልጅ ልጄ ማመልከቻ እና የጠፉት አምስት ቀናት

በጥቅምት ወር አንድ ማታ የልጅ ልጄ ላፕቶፑን አቅፎ ሳሎን ገባና "እማዬ፣ እስቲ እንግሊዝኛውን እይልኝ" አለኝ። የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ነበር። ልጁ 23 ዓመቱ ነው። የአንድሮይድ ስልክ መተግበሪያ መሥራት ተምሮ ከጨረሰ ስምንት ወር አልፎታል፤ እስከዚያች ማታ ድረስ 31 ቦታ አመልክቶ አንድም መልስ አላገኘም። አባቱ፣ ማለትም ልጄ፣ "ከጥር ጀምሮ ሱቅ ትገባለህ፣ በቃ" ብሎታል። ስለዚህ ይቺ 32ኛ ደብዳቤ ለእሱ ተራ ወረቀት አልነበረችም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የፕሮግራም ሥራ አላውቅም። ወረቀት ማንበብ ግን አውቃለሁ። በሥራ ዘመኔ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚላክ የሪፈር ወረቀት ስጽፍም ስቀበልም ኖሬያለሁ። ጥሩ የሪፈር ወረቀት ሦስት ነገር ይናገራል፤ ምን አገኘሁ፣ ምን አደረግኩ፣ ምን ቀረኝ። እነዚህ ከሌሉበት ወረቀቱ የቱንም ያህል ቢረዝም ተቀባዩ በሽተኛውን እንደ አዲስ መመርመር አለበት።

የልጁ ደብዳቤ ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ ከፍተኛ ተነሳሽነት እንዳለው፣ በቡድን መሥራት እንደሚወድ፣ አዳዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ እንደሆነ ይዘረዝራል። ሁለተኛው የሁለት ዓመት ልምድ እንዳለው ይናገራል። ሦስተኛው ሦስት መተግበሪያዎች እንደሠራና ከ5,000 በላይ ተጠቃሚዎች እንዳሉት ይገልጻል። መጨረሻው ላይ "በድርጅታችሁ ለመሥራት ያለኝ ፍላጎት" ብሎ የጻፈው የድርጅት ስም ደግሞ ከላይ ከተጻፈው ስም ጋር አይገጥምም። ባለፈው ሳምንት ያመለከተበት ድርጅት ስም ነበር፤ ገልብጦ ሲለጥፍ ሳይቀይረው ቀርቷል።

ስሙን በጣቴ አሳየሁት። ፊቱ ቀላ። "በስንቱ ላይ እንዲህ ሄዶ ይሆን?" አለ ለራሱ።

"ሁለት ዓመት የሠራኸውስ የት ነው?" አልኩት።

"ሥልጠናውን፣ ከዚያ በፊት ራሴ የተማርኩትን፣ የጓደኛዬን ሥራ ያገዝኩትን ደምሬ ነው።"

"5,000ዎቹስ?"

ዝም አለ። ቆይቶ "ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው እማዬ። ያለዚያ አያዩሽም" አለኝ።

አልተቆጣሁትም፤ ምክንያቱም እኔም በእሱ ዕድሜ አድርጌዋለሁ። ከዲፕሎማ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ የሌሊት ተራ፣ ሥራ በዝቶብኝ ያልለካሁትን የአንድ ሕፃን ሙቀት 36.8 ብዬ ቻርቱ ላይ ጻፍኩ። ሲነጋ ተራ የተረከበችኝ ሲስተር ቻርቱን አነበበች፣ ከዚያ እጇን በሕፃኑ ግንባር ላይ አደረገች። ሕፃኑ እንደ ምጣድ ይፋጃል። ምንም አልተናገረችኝም። ከእኔ ፊት ቴርሞሜትር አምጥታ ለካች፣ 39.4 ብላ ጻፈች፣ ከዚያ ቻርቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እያንዳንዱን ቁጥሬን "ይኼስ? ይኼስ?" እያለች ጠየቀችኝ። በትክክል የለካኋቸውም ቁጥሮች በዚያች ጠዋት ዋጋ አጡ። ይህን ለልጁ ነገርኩትና "አንዱን ቁጥር የሚጠይቅህ ሰው ሲመጣ ሌላው ሁሉ አብሮ ይወድቃል" አልኩት።

ከዚያ ማስታወቂያውን አብረን አነበብነው። ድርጅቱ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት የስልክ መተግበሪያ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ነው። የሚፈልገው ጀማሪ የአንድሮይድ ባለሙያ ሲሆን፣ ኮትሊን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መሥራት የሚችል ይላል። የአንድ ዓመት ልምድ ያለው "ይመረጣል" ይላል እንጂ ግዴታ ነው አይልም። ልጁ ግን ይህቺን አንዲት ቃል ፈርቶ ነበር ሁለት ዓመት የፈጠረው።

"አሁን የሠራሃቸውን አሳየኝ" አልኩት።

የእነሱ ሙያ የሥራ ማሳያ አለው፤ ፖርትፎሊዮ ይሉታል። ጀማሪው የጻፈውን ኮድ ጊትሃብ በሚባል ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል፤ ቀጣሪውም ሊንኩን ከፍቶ ያያል። እሱ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ሥራዎች ተደርድረዋል። አንዱ ካልኩሌተር ነው። ሁለተኛው የከተሞችን የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ነው። ሦስተኛው የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ የሚያስታውስ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሥልጠናው ላይ አስተማሪው እያሳያቸው ክፍሉ በሙሉ እኩል የሠራቸው ናቸው። የእሱ የራሱ ሦስተኛው ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ያንን ሊንክ በራሴ ስልክ ላይ ጻፍኩት። "ገጹ አልተገኘም" የሚል መልእክትና 404 የሚል ቁጥር መጣ። ደገምኩት፣ ያው ነው። ልጁ ስልኬን ወስዶ አየና ራሱን ያዘ። የክትባቱን ሥራ ሲጀምር ከራሱ በቀር ማንም እንዳያየው አድርጎ ዘግቶታል፤ ከጨረሰ በኋላ መክፈቱን ረስቷል። በራሱ ላፕቶፕ ላይ በራሱ ስም ስለገባ ሁልጊዜ ይታየዋል። 31ዱ ቀጣሪዎች ሊንኩን ነክተው ከነበረ ያዩት ባዶ ገጽ ነው። ይህን የመሰለ ጥፋት ባለቤቱ ከራሱ መሣሪያ ላይ ሆኖ በፍጹም አያገኘውም፤ የሚታወቀው በሌላ ሰው ስልክ ሲከፈት ብቻ ነው። እንግዲህ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያላችሁ አንባብያን፣ ሙያውን ባታውቁም ይህችን ልታግዙ ትችላላችሁ፤ ሊንኩን በእናንተ ስልክ ክፈቱለት።

የክትባቱን መተግበሪያ አስቀድሜ አውቀዋለሁ። ያነሳሳሁትም እኔ ነኝ። በአገራችን የመደበኛ ክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑ እንደተወለደ ይጀምራል፤ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይቀጥላል፤ የኩፍኝ ክትባት ደግሞ በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል። እናት ቀጠሮዋ ካርዱ ላይ ይጻፍላታል፤ ካርዱ ግን ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ስልኳ ደግሞ እጇ ላይ ነው። ስለዚህ የልጇን የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ስታስገባ ቀጠሮዎቹን አስልቶ በዋዜማው የሚያስታውሳት ነገር ሠራ። በሰፈራችን ያሉ 11 እናቶች ከግንቦት ጀምሮ ይጠቀሙበታል። 5,000 ያላቸው እነዚህን ነው።

ነሐሴ ላይ የሆነውን ግን ደብዳቤው ውስጥ አላገኘሁትም። የጎረቤቴ ልጅ ዓርብ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ወንድ ልጅ ወለደች። ልጠይቃት ስሄድ ስልኳን አሳየችኝ፤ የስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ "ረቡዕ፣ መስከረም 7" ይላል። ወዲያው ትክክል እንዳልሆነ አወቅኩ። ቀኑን ስለቆጠርኩ አይደለም። በሳምንት የሚቆጠር ቀጠሮ ሁልጊዜ ሕፃኑ በተወለደበት የሳምንቱ ቀን ላይ ነው የሚውለው፤ ዓርብ የተወለደ ልጅ ስድስት ሳምንት የሚሞላው ዓርብ ነው። ረቡዕ የሚል ቀጠሮ ካያችሁ የሆነ ቦታ ላይ ቀን ጠፍቷል።

ማታ ልጁን ጠርቼ በጣቴ ቆጠርንለት። ስድስት ሳምንት 42 ቀን ነው። ከሐምሌ 25 እስከ ሐምሌ 30 አምስት ቀን። ነሐሴ 30 ቀን፣ ድምር 35። ጳጉሜን አምስት ቀን፣ ድምር 40። የቀረው ሁለት ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮው መስከረም 2 ነው፣ ዓርብ። የእሱ መተግበሪያ ግን ከነሐሴ 30 በቀጥታ ወደ መስከረም 1 ዘልሏል። ዓመቱን 12 ወር፣ ወሩን 30 ቀን አድርጎ ጽፎት ጳጉሜንን ረስቷታል። አምስቱ ቀናት የጠፉት እዚያ ነው።

ልጁ "ግንቦት ላይ ደጋግሜ ሞክሬው በትክክል ይሠራ ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ግንቦት ላይ ለተወለደ ሕፃን የስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ ጳጉሜን ሳይደርስ ያልቃል። በስድስት ሳምንቱ ቀጠሮ ላይ ስህተቱ የሚወጣው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ለሚወለዱት ነው። ለሕፃኑ አምስት ቀን መዘግየት ሕይወት የሚያሳጣ ነገር አይደለም፤ ከጊዜው ቀድሞ ከመከተብም ይሻላል። ግን ከጤና ባለሙያው ካርድና ከስልኳ የተለያየ ቀን ያየች እናት ከሁለቱ አንዱን ማመን ትተዋለች፤ የምትተወው ካርዱን ቢሆንስ?

ያኔ ልጁ ሁለት ሌሊት ተቀምጦ አስተካከለው። አስተካከለው ስል ጳጉሜንን ጨምሮ ብቻ አላበቃም። ቀኖቹን በወር በወር መደመሩን ጭራሽ ተወው። አሁን መተግበሪያው እያንዳንዱን ቀን በአንድ ተከታታይ ቁጥር ይይዘዋል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ነው። በዚያ ቁጥር ላይ 42 ይደምርና ውጤቱን ለእናትየዋ ሲያሳይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሰዋል። ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት እንዴት እንደሚለይም አገኘ፤ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ ነው። "ዘመነ ሉቃስ ነዋ!" አልኩት። እሱ በቀመር ያገኘውን እኔ ከልጅነቴ በወንጌላዊው ስም ነው የማውቀው።

"ይህ ሁሉ ደብዳቤው ውስጥ ለምን የለም?" አልኩት በዚያች የጥቅምት ማታ።

"ስህተት እኮ ነው! ስህተቴን ጽፌ ማን ይቀጥረኛል?"

"ያገኘኸው፣ ምክንያቱን ያወቅከው፣ ያስተካከልከው ስህተት ነው። ካልኩሌተሩን ክፍሉ በሙሉ ሠርቶታል። ጳጉሜንን ግን ማን ጻፈ?"

አልተዋጠለትም። "እነሱ የሚፈልጉት የሚሠራ ሰው ነው" ብሎ ተከራከረኝ። እኔም መተግበሪያቸውን አውርዶ አይቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። አላየውም። እዚያው ተቀምጦ አወረደው። ትንሽ ሲነካካ ቆየና ዝም አለ፤ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የብድር መክፈያ ቀን የሚያሳይ ገጽ ነው፤ ቀኖቹ የተጻፉት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ያ ሰዓት ነው ክርክሩ ያለቀው።

አዲሱን ደብዳቤ ሲጽፍ እስከ እኩለ ሌሊት አመሸን። እንግሊዝኛውን እዚህ ወደ አማርኛ መልሼ ላቅርብላችሁ፤

"ለቅጥር ክፍሉ፣

ለጀማሪ የአንድሮይድ ባለሙያ ያወጣችሁትን ማስታወቂያ አይቼ አመለክታለሁ። ተቀጥሬ የሠራሁበት ልምድ የለኝም። የስድስት ወር ሥልጠና ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንድ መተግበሪያ በራሴ ሠርቻለሁ።

መተግበሪያው የሕፃናትን የክትባት ቀጠሮ ያስታውሳል። እናት የልጇን የልደት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታስገባለች፤ መተግበሪያው ቀጠሮዎቹን አስልቶ በዋዜማው ያስታውሳታል። የተጻፈው በኮትሊን ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከግንቦት ጀምሮ 11 እናቶች ይጠቀሙበታል።

ነሐሴ ላይ ስህተት ተገኘበት። ጳጉሜንን ስለዘለልኩ ሐምሌ 25 ቀን 2017 ለተወለደ ልጅ የስድስት ሳምንት ቀጠሮ መስከረም 2 በማለት ፈንታ መስከረም 7 አሳየ። ያገኘችው አያቴ ናት። አሁን ቀኖቹ የሚደመሩት በተከታታይ ቁጥር ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚመለሱት ለማሳየት ብቻ ነው። ጳጉሜን 5 እና 6 የምትሆንባቸውን ዓመታት የሚፈትሹ 14 ፍተሻዎች ኮዱ ውስጥ አሉ።

ያልፈታሁት አንድ ችግር አለ። በአንዳንድ ስልኮች ላይ ባትሪ ቆጣቢው መተግበሪያውን ስለሚዘጋው ማስታወሻው ይዘገያል ወይም ይቀራል። ለጊዜው ተጠቃሚዋ እንዴት ፈቃድ እንደምትሰጠው የሚያሳይ ገጽ ጨምሬያለሁ፤ ይህ ግን መፍትሔ አይደለም።

መተግበሪያችሁን አውርጄ አይቻለሁ። የብድር መክፈያ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስለሚያሳይ የሠራሁት ሥራ ለእናንተ ቅርብ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሊንኩ ኮዱን፣ የ40 ሰከንድ ቪዲዮና የሚጫነውን ፋይል ይከፍታል። በምስሎቹ ላይ ያሉት ስሞችና ስልክ ቁጥሮች የፈጠራ ናቸው። እዚያው ያሉት ካልኩሌተርና የአየር ሁኔታ ማሳያ የሥልጠና ልምምዶች ናቸው።"

ይኼው ነው፤ ከአንድ ገጽ ያነሰ። ስለ አንዳንዱ መስመር ላስረዳችሁ።

የባትሪውን ችግር ሲጽፍ እጁ ተይዞ ነበር። ግን ይህ የእሱ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ራሱ ነገረኝ። የስልክ አምራቾች ባትሪ እንዲቆይ ብለው ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን የሚዘጋ የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚታገሉት ነገር ነው። ስለዚህ ስሙን ጠርቶ የጻፈ ጀማሪ መተግበሪያውን በእውነተኛ ስልኮች ላይ፣ በእውነተኛ ሰዎች እጅ አይቶታል ማለት ነው። ሁሉ ነገር ፍጹም ነው የሚል ጀማሪ ግን ሥራው ከራሱ ላፕቶፕ እንዳልወጣ ይናገራል።

ስለ ስሞቹ የተጻፈችው መስመር የእኔ ናት። ቀድሞ ማሳያው ላይ የለጠፋቸው ምስሎች የአንዲት እናትን ስልክ ቁጥርና የሕፃኗን ስም ያሳዩ ነበር። አንሥቶ በፈጠራ ስም እንዲተካቸው አደረግኩ። የታካሚ ካርድ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

ቪዲዮው ደግሞ የእሱ ሐሳብ ነው። ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የማያውቀውን ሰው ፋይል ስልኩ ላይ አይጭንም፤ ጊዜም የለውም። ቪዲዮው ግን የልደት ቀን ሲገባ፣ ቀጠሮው ሲወጣ፣ ማስታወሻው ሲመጣ ያሳያል። መተግበሪያውን በጎግል መደብር ላይ ማውጣት ይሻል ነበር፤ ለምዝገባ 25 ዶላር፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ፣ አዲስ የግል አካውንት ከሆነም 12 ሞካሪዎች ለ14 ቀን መተግበሪያውን መሞከራቸውን ይጠይቃል። ለጊዜው ይቆየን አልን።

ደብዳቤው በማግሥቱ ሄደ፤ ከመሄዱ በፊት ሊንኩን በእኔም በአባቱም ስልክ ከፈትነው። በዚያው ሳምንት በዚህ መልኩ ለሌሎች ሁለት ድርጅቶች፣ ለእያንዳንዱ እንደየሥራው የመጨረሻውን አንቀጽ እየቀየረ ላከ። ከሁለቱ እስከ ዛሬ መልስ የለም። ከቁጠባ ድርጅቱ ግን በዘጠነኛው ቀን ተደወለ።

ቃለ መጠይቁን እንደነገረኝ ልንገራችሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው የተቀበሉት። ስለ ካልኩሌተሩም ስለ ሥልጠናውም አልጠየቁትም። አንደኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገለትና "ሐምሌ 25 የተወለደው ልጅ የተወለደው በ2015 ቢሆንስ?" አለው። ልጁ ቆጠረ፤ ከሐምሌ አምስት፣ ከነሐሴ 30፣ 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት፣ ድምር 41፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016።

"እንቁጣጣሽ ነው። ጤና ጣቢያ ዝግ ነው። መተግበሪያህ እናትየዋን ምን ይላታል?"

"ነገ ሂጂ ይላታል፤ በዋዜማው። በዓላትን አያውቅም። አላሰብኩበትም ነበር" አላቸው።

ሰውየው ሣቀና የእነሱም መተግበሪያ በመጀመሪያው ዓመት ሰዎችን በበዓል ቀን ብድር ክፈሉ ይል እንደነበር ነገረው። ከዚያ ለአርባ ደቂቃ ያህል ኮዱን ከፍተው አብረው አዩት። "ይህን ለምን እንዲህ ጻፍከው?" ባሉት ቁጥር መልስ ነበረው፤ እያንዳንዷን መስመር ራሱ ስለጻፋት። የሁለት ዓመት ልምድና 5,000 ሰው ብሎ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የት እንደሠራ በጠየቁት በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ያልቅ ነበር።

ቤት እንደገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ሥራው አልነበረም። "እማዬ፣ ቀጠሮ በዓል ላይ ሲውል ወደፊት ነው ወይስ ወደኋላ የምትወስዱት?" አለኝ። ስድስት ሳምንት ማለት ዝቅተኛው ዕድሜ ስለሆነ ቀጠሮው አይቀደምም፤ ከበዓሉ በኋላ ወዳለው የክትባት ቀን ይተላለፋል አልኩት። ጻፈው።

በኅዳር መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ ለሙከራ ጊዜ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ስለሚል፣ ከመፈረሙ በፊት ውሉን አምጥቶ አብረን አነበብነው። ይለፍ አይለፍ ገና አልታወቀም። አባቱም የሱቁን ነገር እስከ ጥር አላነሣም ብሏል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። የአሥር ሳምንቱን ክትባት ወስዶ ነበር። ስልኳን አውጥታ የ14 ሳምንቱን ቀጠሮ አሳየችኝ። ዓርብ ይላል። እኔም በልማዴ በጣቴ ቆጠርኩት።